ማጣቀሻውን ወደ ኋላ ስከተል አንዲት ደብዳቤ ላይ ቆመብኝ፤ ከዚህ ወዴት ልሂድ?

ማህሌት_ነርሲንግ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ስለ ህመም ማስታገሻ ነው። እነ ሞርፊንን ጨምሮ ኦፒዮይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች ለቆየ ህመም ከሚወስዱ ሰዎች ምን ያህሉ ሱስ ይይዛቸዋል የሚል አንድ ክፍል አለው።

አንድ የቆየ የግምገማ ጽሑፍ ላይ “ሱስ የሚይዛቸው ከ1 በመቶ በታች ናቸው” የሚል አገኘሁ። ቁጥሩን ከምንጩ ልውሰድ ብዬ ማጣቀሻውን ተከተልኩ። ወደ ሌላ የግምገማ ጽሑፍ ወሰደኝ። እሱም ያንኑ ቃል ይዞ ወደ ሌላ መራኝ። በመጨረሻ የደረስኩት እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ የፖርተርና የጂክ ጽሑፍ ጋ ነው። ከፍቼ ሳየው ጥናት አይደለም። ለመጽሔቱ አዘጋጅ የተላከ ደብዳቤ ነው። አንድ አንቀጽ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር። ሰንጠረዥ የለው፣ ስለ አሠራሩ ማብራሪያ የለው። ከግርጌው ያሉት ማጣቀሻዎች ሁለት ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ኋላ መሄድ አበቃ ማለት ነው? ወይስ የሳትኩት መንገድ አለ?

---

ፈጣን_ጣት

ይሄማ ቀላል ነው። ጎግል ስኮላር ላይ ርዕሱን አስገቢና ከሥሩ `Cited by` የሚለውን ተጫኚ። ያን ደብዳቤ የጠቀሱት ሁሉ ተዘርዝረው ይመጡልሻል፤ ወደ ፊት መሄድ የሚባለው እሱ ነው። ብዙ መቶ ሰው ጠቅሶታል። ይህን ያህል ከተጠቀሰ ደግሞ የታመነ ምንጭ ነው፤ ሳትጨነቂ ጥቀሺው።

---

ዋርካ_ላይብረሪ

ፈጣን ጣት መንገዱን በትክክል አሳይቷል። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ይህች ደብዳቤ ብዙ መጠቀስና መታመን ለየቅል መሆናቸውን ለማየት የምትመች ናት፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ማህሌት፣ መጀመሪያ ደብዳቤዋን ራሷን እንያት። ጸሐፊዎቹ በሆስፒታል ተኝተው ክትትል የተደረገላቸውን 39,946 ሕሙማን መዝገብ አዩ። ከእነሱ 11,882ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስደዋል። ቀድሞ የሱስ ታሪክ ከሌላቸው መካከል በሚገባ የተመዘገበ ሱስ የታየባቸው 4 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በቃ፣ ያለው ይህ ነው።

አሁን አንቺ ያገኘሽውን ዓረፍተ ነገር ከዚህ ጋር አስተያዪ። 4ን ለ11,882 ብታካፍዪ 0.03 በመቶ ገደማ ነው። “ከ1 በመቶ በታች” የሚለው አነጋገር ደብዳቤው ውስጥ የለም፤ መንገድ ላይ የመጣ ነው። የቆየ ህመም የሚል ነገርም የለም። ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ አንዴ ብቻ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ምን እንደሆኑ ደብዳቤው አይነግረንም። አንቺ የምትጠይቂው ደግሞ መድኃኒቱን ቤቱ ሆኖ ለወራትና ለዓመታት ስለሚወስድ ሰው ነው።

ሁለቱን ማጣቀሻዎችም ተመልከቻቸው። አንዱ የ1970 ሲሆን ሕሙማኑ የተመዘገቡበት የመድኃኒት ክትትል ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ነው። ሌላው የ1978 ሆኖ ሜፔሪዲን ስለሚባል አንድ መድኃኒት ነው። በሁለቱም ላይ የጂክ ስም አለ። ስለዚህ የኋላው መስመር የሚያልቀው በራሳቸው መዝገብ ውስጥ ነው። ያልታተመ ፋይል ጋ ደርሰሻል። የሳትሽው መንገድ የለም። መጨረሻውን ማወቅሽ ራሱ ለጽሑፍሽ የሚገባ ውጤት ነው።

የቀረው ወደ ፊት መሄድ ነው። ወደ ኋላ ስትሄጂ የምታገኚው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ነው። ከ1980 በኋላ ምን እንደደረሰበት ደብዳቤው ሊነግርሽ አይችልም። ለእሱ የጠቀሱትን ማየት አለብሽ።

ደግነቱ ይህን ሥራ ሌሎች ሠርተውታል። በ2017 የካናዳ ተመራማሪዎች ደብዳቤውን የጠቀሱትን ሁሉ ሰብስበው አንብበው ውጤቱን እዚያው መጽሔት ላይ አወጡ። 608 ጥቅሶች አገኙ። 439ኙ፣ ማለትም 72.2 በመቶው፣ ደብዳቤውን ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገውታል። 491ዱ ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አልጠቀሱም። ኦክሲኮንቲን የተባለው ኦፒዮይድ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከመጣ በኋላ የጠቃሹ ቁጥር ጨምሯል። መጽሔቱም ከደብዳቤው ጋር የማሳሰቢያ ማስታወሻ አያይዟል። ወደ ፊት ካልሄድሽ ይህን ሁሉ አታገኚውም።

---

ዘሌ_87

እኔም ይሄ የማጣቀሻ ነገር አናቴን አዙሮታል። ደብዳቤ ሲሆን ማጣቀሻዎቼን በምይዝበት በዞቴሮ ላይ የቱን ዓይነት ነው የምመርጠው? `Letter` ብዬ ሳስገባው መጽሔቱን የምጽፍበት ቦታ አጣሁ። አማካሪዬ ደግሞ ሥራዬን ሁሌ የምትመልሰው በነጥብና በኮማ ነው።

---

ዋርካ_ላይብረሪ

ዘሌ፣ የማህሌት ጥያቄ ስለ አጻጻፍ አይደለም፤ ግን ባጭሩ ልመልስልህ። ዞቴሮ ላይ `Letter` የሚለው ሰው ለሰው ለተጻጻፈው ደብዳቤ ነው። መጽሔት ላይ የታተመ ከሆነ `Journal Article` ምረጥ። የኤፒኤን የማጣቀሻ አጻጻፍ የምትጠቀም ከሆነ ከርዕሱ ቀጥሎ ለአዘጋጅ የተጻፈ ደብዳቤ መሆኑን በቅንፍ ግለጽ። ይቺ ቅንፍ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ትጠቅማለች። ማህሌት ያየቻቸው ግምገማዎች ያቺን ቃል ቢጽፉ ኖሮ አንባቢ ገና ከዝርዝሩ ይጠረጥር ነበር።

---

ማህሌት_ነርሲንግ

ጋሼ ዋርካ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የ2017ቱን አገኘሁት። ግን ከ600 በላይ ጽሑፍ ማን አንብቦ ይጨርሳል? የጊዜ ገደብ አለብኝ። ደግሞ አብዛኞቹ ያንኑ የተሳሳተ ነገር የደገሙ ከሆኑ፣ እነሱን ማንበቤ ምን ይጠቅመኛል?

---

ዋርካ_ላይብረሪ

ሁሉንም አታነቢም። ከጠቃሾቹ ውስጥ ለአንቺ የሚያስፈልጉሽ ራሳቸው ቆጥረው የለኩት ናቸው። ደጋሚዎቹን እለፊያቸው። አራሚዎቹን አንዴ አንብበሽ ያዣቸው።

`Cited by` ከተጫንሽ በኋላ ከዝርዝሩ በላይ `Search within citing articles` የሚል ሳጥን ይመጣል። እሱን ምልክት አድርጊበት። ከዚያ `chronic pain incidence addiction` ብለሽ ጻፊ። አሁን የምትፈልጊው በጠቃሾቹ ውስጥ ብቻ ነው። ዝርዝሩ በአንዴ ይሳሳል። ቀጥሎ `incidence`ን አውጥተሽ `prevalence` አስገቢ፤ ሰው ሁሉ አንድ ቃል አይጠቀምም። በዓመት መከፋፈሉንም ልመጂ። ስኮላር አንድ ዝርዝር የቱንም ያህል ቢረዝም ከ1,000 በላይ አያሳይም፤ በጣም የተጠቀሰ ጽሑፍ ሲገጥምሽ በዓመት ካልቆራረጥሽው የቀረው ሳይታይ ያልፋል።

ከዚያ አንድ ጽሑፍ ከፍተሽ `Ctrl+F` ተጫኚና `Porter` ብለሽ ፈልጊ። ማጣቀሻው በቁጥር ከሆነ መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ ቁጥሩን አግኚ፤ ቀጥሎ ያ ቁጥር የገባበትን ዓረፍተ ነገር ከነፊቱ ከነኋላው አንብቢ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መግቢያው ላይ “ሱስ ብርቅ ነው” ካለና ካለፈ ደጋሚ ነው። ደብዳቤው የሚለው ይህን አይደለም ካለ አራሚ ነው። ጠቅሶት ሲያበቃ “እኛ ግን ይህን ያህል ሰው ተከታትለን ይህን አገኘን” ካለ አንቺ የምትፈልጊው እሱ ነው። ሙሉውን አንብቢ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአንድ ጽሑፍ ብቻ አትነሺ። ይቺ ደብዳቤ ደካማ መነሻ ናት፤ አዲስና ጥሩ ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች ጨርሶ ላይጠቅሷት ይችላሉ። በቃል ፍለጋ አንድ የቅርብ ጊዜ ስልታዊ ግምገማ ፈልጊ። ለምሳሌ በ2015 ፔይን በተባለው መጽሔት ላይ ቮውልስና ባልደረቦቹ ያወጡት አለ። ጥያቄው ያንቺው ነው፤ የቆየ ህመም ያለባቸው ሰዎች። 38 ጥናቶችን አይተው ሱስን በአማካይ ከ8 እስከ 12 በመቶ፣ አላግባብ መጠቀምን ከ21 እስከ 29 በመቶ አድርገውታል። የእሱን 38 ጥናቶች ወደ ኋላ ተከተያቸው፤ ከ2015 ወዲህ የወጡትን ደግሞ እሱን ከጠቀሱት መካከል ወደ ፊት ፈልጊ። ሱስ ሲሉ ሁሉም አንድ ነገር ማለታቸው ስላልሆነ እያንዳንዱ ጥናት እንዴት እንደለካው መዝግቢ።

---

ኮድ_በእጁ

በእጅ መጫን ለምን አስፈለገ? ኦፕንአሌክስ የሚባለው የጽሑፎች መረጃ ቋት ክፍት ነው። የጽሑፉን መለያ ቁጥር ካገኘሽ በአንድ መስመር ዝርዝሩ ገጽ በገጽ ይመጣልሻል፤ ቀጣዩን ገጽ ለማውረድ መጨረሻው ላይ `&page=2` እያልሽ ጨምሪ። `W` ካለ በኋላ የራስሽን ቁጥር ተኪ፦

```
ወደ ፊት (እሱን የጠቀሱት):
https://api.openalex.org/works?filter=cites:W0000000000

ወደ ኋላ (እሱ የጠቀሳቸው):
https://api.openalex.org/works?filter=cited_by:W0000000000
```

ሁለቱን ስም አታምታቺ፤ `cited_by` ሲል ሰው ወደ ፊት ይመስለዋል፤ ግን እሱ ጽሑፍ የጠቀሳቸውን ነው የሚያመጣው። ውጤቱን ወደ ኤክሴል አስገብተሽ ድርብርቡን አጥፊ። ሥራው አለቀ።

---

ዋርካ_ላይብረሪ

ስለ ሁለቱ ስሞች ያልከው በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ይሰናከላል። “ሥራው አለቀ” ላይ ግን ቆም እንበል። የሚወርድልህ ማን ማንን እንደጠቀሰ ነው። ምን ብሎ እንደጠቀሰው አይወርድም። ደጋሚውም፣ አራሚውም፣ የለካውም አንድ አንድ መስመር ሆነው ነው የሚቀመጡት።

ሌላው፣ የመረጃ ቋቶቹ አንድ ዓይነት ዝርዝር አይሰጡም። ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ድረ ገጽ ላይ የተገኙትን ጭምር ስለሚያስገባ ቁጥሩ ይበዛል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የመረጧቸውን ሕትመቶች ብቻ ነው የሚይዙት። ኦፕንአሌክስ ደግሞ የማጣቀሻ ዝርዝሩ ያልደረሰው ጽሑፍ ካለ ባዶ አድርጎ ያሳይሃል። ወደ ኋላ ስትፈልግ ዜሮ ከመጣ “ይህ ሰው ምንም አልጠቀሰም” ብለህ አትለፍ። ፒዲኤፉን ክፈትና የመጨረሻውን ገጽ እይ። ቢያንስ ሁለት ቋት አመሳክር።

---

የታሪክ_ጓዳ

እኔ ታሪክ ነው የማጠናው፤ ይህ ወደ ፊት የምትሉት ነገር ለእኛ አይሠራም። የእኛ ሰው መጽሐፍ ነው የሚጽፈው። ማጣቀሻውም ግርጌ ላይ ነው። “ዝኒ ከማሁ” ይልሃል፤ ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ሄደህ የማንን ማለቱ እንደሆነ ትፈልጋለህ። ከዚያ የሚወስድህ ወደ አንድ የእጅ ጽሑፍ ወይም መዝገብ ነው። ያን መጽሐፍ ማን ጠቀሰው ብትል ስኮላር ላይ ሦስት አራት ሰው ታገኛለህ፤ እውነተኛው ቁጥር ግን ብዙ ነው። እኔ የማምነው ወደ ኋላ መሄድን ብቻ ነው።

---

አልማዝ_አርታኢ

የታሪክ ጓዳ፣ ቋቶቹ መጻሕፍትን በደንብ አይዙም ያልከው እውነት ነው። ጨርሶ አይሠራም ማለት ግን ይከብደኛል። እኔ መጽሐፍ ሳርም የምጠቀመው ዘዴ አለ። ከጥንታዊው ምንጭ የተወሰደች፣ ሌላ ቦታ የማትገኝ ቃል ወይም የሰነድ ቁጥር አለች እንበል። እሷን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ ጎግል ቡክስ ላይ እፈልጋለሁ። የጠቀሱት ብቅ ይላሉ። ስለ መጽሐፉ የወጡ ሂሶችም አሉ፤ ሂስ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ከሱ በኋላም በፊትም የወጡ ሥራዎችን ያነሳል።

ደግሞ ወደ ፊት የመሄድ ሐሳብ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሕግ ሰዎች ከ1873 ጀምሮ የሼፐርድን መዝገብ ይጠቀሙ ነበር። አንድ ፍርድ በኋላ በሌላ ፍርድ ጸንቶ እንደሆነ ወይም ተሽሮ እንደሆነ ለማየት ነው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ለሳይንስ ተመሳሳይ ማውጫ ይሠራ ብሎ ሲጽፍ አርአያ ያደረገው እሱን ነው። የማህሌት ደብዳቤ እንደ ፍርድ ብትታይ ኖሮ ገና ድሮ የተሻረች በሆነች ነበር።

---

የታሪክ_ጓዳ

የሂሱ ነገር ጥሩ ነው፤ እሞክረዋለሁ። ጎግል ቡክስ ግን ለኔ ምንጮች ብዙ አያወጣም፤ ያልተቃኘ መጽሐፍ ሺ ነው።

---

ተጠራጣሪው

ሁላችሁም ከማጣቀሻ ወደ ማጣቀሻ ስለሚሄደው ሰንሰለት ጥሩነት ነው የምታወሩት። እኔ የምፈራው ሰንሰለቱ አንድ ሰፈር ውስጥ እንዳያዞራት ነው።

ግሪንበርግ የተባለ ሐኪም በ2009 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ያወጣውን እዩ። ስለ አንድ የጡንቻ በሽታና ቤታ አሚሎይድ ስለሚባል ፕሮቲን የሚባለውን አንድ አባባል ይዞ 242 ጽሑፎችንና 675 ጥቅሶችን ተከታተለ። አባባሉን የሚደግፉት በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። የሚቃረን መረጃ የያዙት ግን እምብዛም አይጠቀሱም። አስቡት እንግዲህ። ከደጋፊዎቹ በአንዱ ብትነሱ ወደ ኋላም ሂዱ ወደ ፊት፣ የምትደርሱት ደጋፊዎች ጋ ነው። ተቃራኒው ያለበት ቦታ የሚወስድ መስመር ስለሌለ አትደርሱበትም።

---

ማህሌት_ነርሲንግ

ታዲያ መቼ ነው የማቆመው? አማካሪዬ “አዲስ ነገር ማግኘት ስታቆሚ አቁሚ” አለኝ።

---

ዋርካ_ላይብረሪ

የተለመደው ደንብ እሱ ነው። ዎሊን በ2014 ለሶፍትዌር ምህንድስና ሰዎች ባወጣው መመሪያም እንዲሁ ነው። መነሻ ጽሑፎችን ትይዣለሽ፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ትሄጃለሽ፤ ተቀባይነት ያገኙት ለቀጣዩ ዙር መነሻ ይሆናሉ፤ አንድ ዙር ምንም አዲስ ሳያመጣ ሲቀር ታቆሚያለሽ። ለአንቺ መጠን ይሠራል። ሁለት ሦስት ዙር ከሄድሽ በኋላ የሚመጣው እየቀነሰ ሲሄድ ታዪዋለሽ።

---

ተጠራጣሪው

አዲስ አለመምጣቱ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ጉዳዩ አልቋል፣ ወይ ክበቡ ተዘግቷል። ደንቡ ሁለቱን አይለይም።

---

ዋርካ_ላይብረሪ

ልክ ነህ፤ ደንቡ ብቻውን አይለይም። ለዚህ ነው መነሻዎቹ ከተለያየ ወገን ይሁኑ የምለው። ማህሌት፣ ቢያንስ አንዱ መነሻሽ ሱስ ብዙ ነው የሚል፣ አንዱ ጥቂት ነው የሚል፣ አንዱ ከህመም ሕክምና ሳይሆን ከሱስ ሕክምና መጽሔት የመጣ ይሁን። ሦስቱ ሰንሰለቶች መሐል መንገድ ላይ ከተገናኙ ጥሩ ምልክት ነው። ጭራሽ ካልተነካኩ ሁለት ሰፈር አለ ማለት ነው፤ በቃል ፍለጋ መሐላቸውን መፈተሽ አለብሽ።

---

አልማዝ_አርታኢ

የቃል ፍለጋ ብቻም አይበቃም። ግሪንሃልና ፒኮክ በ2005 አንድ ውስብስብ ግምገማቸውን መለስ ብለው ሲፈትሹ ከ495 ምንጮቻቸው 30 በመቶው ብቻ ነው ቀድሞ በታቀደው ፍለጋ የተገኘው። 51 በመቶው በሰንሰለት ነው የተገኘው። በግል ከሚያውቁትና ከሚያውቋቸው ሰዎች የተገኘም አለ።

---

ተጠራጣሪው

የእነሱ ጉዳይ በየሙያው የተበተነ ነበር። ማህሌት የያዘችው ጠባብ የሕክምና ጥያቄ ነው፤ ቃላቱም የታወቁ ናቸው። እዚያ ቃል ፍለጋው የበለጠ ሊይዝ ይችላል። የአንዱን ቁጥር ለሌላው አናውስ።

---

ማህሌት_ነርሲንግ

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከሦስት ወገን መነሻ ያዝኩ። አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፈትኩ። በአንድ መስመር አንድ ጽሑፍ ነው፦ ከየትኛው ጽሑፍ እንደመጣ፣ ወደ ኋላ ነው ወደ ፊት፣ በየትኛው ቋት፣ በየት ቀን፣ ከወደቀ ለምን እንደወደቀ። ዘዴ የሚለው ክፍል ላይ የምጽፈው ከዚሁ ነው።

ደብዳቤዋን ከጠቀሱት ውስጥ በሳጥኑ ያጣራኋቸው አብዛኞቹ መግቢያ ላይ ብቻ የሚያነሷት ሆኑ። ራሳቸው የለኩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ቤታቸው ሆነው መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ነው ያዩት። ከሱስ ሕክምና የተነሳው ሰንሰለት ከህመም ሕክምናው ጋር በጥቂት ቦታ ብቻ ነው የተገናኘው። ተጠራጣሪው ያልከው ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ መሐሉን በቃል እየፈለግኩ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ደብዳቤዋን በመጨረሻው ዝርዝሬ ውስጥ ላስገባት ወይስ ልተዋት? ካስገባኋት 609ኛ ወይም ከዚያ በላይ ጠቃሽ ልሆን ነው።

---

ዋርካ_ላይብረሪ

አስገቢያት። ግን በውጤት ሠንጠረዥ ውስጥ ሳይሆን፣ “ከ1 በመቶ በታች” የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ በምታስረጂበት አንቀጽ ውስጥ። ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን መሆናቸውን በዚያው ዓረፍተ ነገር ጻፊ። የ2017ቱንም አብረሽ ጥቀሺ፤ ነገ ያንቺን ሥራ ይዞ ወደ ኋላ የሚመጣ ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ ያገኛቸዋል።

---

ተጠራጣሪው

እኔ ብሆን የ2017ቱን ብቻ እጠቅስ ነበር። ቆጣሪ ማሽን አራሚና ደጋሚ አይለይም፤ ለዝርዝሩ አንድ ቁጥር መጨመር ነው።

---

አልማዝ_አርታኢ

ዋናውን ሳይጠቅሱ ስለ ዋናው መጻፍም አይመችም፤ አንባቢው ራሱ ከፍቶ ማየት አለበት። ማህሌት፣ አማካሪሽ ምን ትላለች?

---

ማህሌት_ነርሲንግ

ገና አላሳየኋትም። ሐሙስ እንገናኛለን፤ የምትለውን እዚሁ እጽፋለሁ።